ጠማማ ወሰን ያለውን መሬት ከምስል ላይ በካሬ ቆጠራ መለካት፦ የባለሙያ ምላሽ

ጥያቄ፦ «ጎጃም ውስጥ አባታችን ለሦስት ልጆቹ የተወው የእርሻ መሬት አለን። አንዱ ረጅም ጎኑ ቀጥ ያለ ነው፤ ሌላው ወንዝ ይዞ ይጠማዘዛል። ምስሉን ከጉግል ኧርዝ አትሜ ባለ አንድ ሴንቲሜትር ካሬ አሰመርኩበት። ስቆጥር ሙሉ በሙሉ ውስጥ የገቡት 38፣ ወሰኑ የቆረጣቸው ደግሞ 44 ሆኑ፤ የተቆረጡትን ተውኳቸው። ምስሉ ላይ 50 ሜትር የሚለው መስመር 4 ሴንቲሜትር ስለሆነ 38ን በ12.5 አባዝቼ 475 ካሬ ሜትር አገኘሁ። ወንድሜ ደግሞ ዙሪያውን በገመድ ለክቶ 440 ሜትር ነው፣ ለአራት ተካፍሎ ራሱን በራሱ ሲባዛ 1.21 ሄክታር ይሆናል ይላል። የይዞታ ማረጋገጫው ላይ የተጻፈው 0.92 ሄክታር ነው። የቱን እንመን? ተሳስቷል ብለን ወረዳ ብናመለክትስ?»

475 ካሬ ሜትር የወጣው በስፋት ቦታ የርዝመት ቁጥር ስለገባ ነው። በወረቀቱ ላይ 1 ሴንቲሜትር በመሬት ላይ 12.5 ሜትር ከሆነ፣ የእያንዳንዱ ካሬ አንድ ጎን 12.5 ሜትር ነው፤ ሌላኛውም ጎን እንዲሁ። አንድ ካሬ የሚሸፍነው መሬት ስለዚህ 12.5 ሲባዛ በ12.5፣ ማለትም 156.25 ካሬ ሜትር ነው። እርስዎ የቆጠሯቸው 38 ካሬዎች በዚህ ሲባዙ ወደ 5,940 ካሬ ሜትር ይደርሳሉ፤ ይህም ካገኙት ከአሥራ ሁለት እጥፍ በላይ ነው። ይህ ስህተት በጣም የተለመደ ነው፤ ከቆጠራ በፊት የአንዱን ካሬ የመሬት ስፋት በወረቀቱ ጥግ ላይ በግልጽ ጽፎ መጀመር ያስቀረዋል።

5,940ም ቢሆን የመሬቱ ስፋት አይደለም፤ የስፋቱ የታችኛው ወሰን ነው። ሙሉ ካሬዎችን ብቻ የሚቆጥር ሰው ሁልጊዜ አሳንሶ ይለካል፣ ምክንያቱም ወሰኑ በቆረጣቸው ካሬዎች ውስጥ ያለውን መሬት በሙሉ ይጥላል። በተቃራኒው ወሰኑ የነካቸውን ሁሉ እንደ ሙሉ የሚቆጥር ሰው ሁልጊዜ አብዝቶ ይለካል። በእርስዎ ምስል 38 እና 44 ሲደመሩ ጠቅላላው 82 ካሬ ነው፣ እሱም ወደ 12,810 ካሬ ሜትር ይሆናል። ስኬሉና ወሰኑ ትክክል እስከሆኑ ድረስ እውነተኛው ስፋት ከ0.59 ሄክታር ሊያንስ፣ ከ1.28 ሄክታርም ሊበልጥ አይችልም። ይህ ግምት አይደለም፣ የተረጋገጠ ነው። ይሁን እንጂ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት በጣም ሰፊ ስለሆነ የይዞታ ማረጋገጫው 0.92ም የወንድምዎ 1.21ም እኩል ይገቡበታል። ክርክሩን ለመፍታት የተቆረጡት ካሬዎች የግድ መቆጠር አለባቸው።

የተለመደው አሠራር እያንዳንዱን የተቆረጠ ካሬ እንደ ግማሽ መቁጠር ነው። አንዱ ካሬ ሲሶው ብቻ ውስጥ ሲሆን ሌላው ሦስት አራተኛው ውስጥ ስለሚሆን፣ ካሬዎቹ ብዙ ሲሆኑ ትርፉና ጉድለቱ ይቻቻላል። 44 ሲካፈል ለሁለት 22፣ ከ38 ጋር 60 ካሬ ይሆናል፤ በ156.25 ሲባዛ 9,375 ካሬ ሜትር ወይም 0.94 ሄክታር ገደማ ነው። ይህን ቁጥር ለጊዜው ይያዙት፤ ምን ያህል እንደሚታመን ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

የወንድምዎ ገመድ ዙሪያውን በትክክል ለክቶ ሊሆን ይችላል፤ ስሌቱ ግን መሠረት የለውም። ዙሪያ ብቻውን ስፋትን አይናገርም። 440 ሜትር ዙሪያ ያለው መሬት አራቱም ጎኑ 110 ሜትር ቢሆን በእርግጥ 12,100 ካሬ ሜትር ይሆናል። ርዝመቱ 160፣ ወርዱ 60 ሜትር ቢሆን ዙሪያው አሁንም 440 ነው፤ ስፋቱ ግን 9,600 ነው። 200 በ20 የሆነ ቀጭን መሬትም ዙሪያው ያው 440 ሲሆን ስፋቱ 4,000 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። ለአራት አካፍሎ ማባዛት ባለ አራት ማዕዘን ከሆኑ መሬቶች ሁሉ ትልቁን ስፋት የሚሰጠውን ቅርጽ እንደ እውነት መውሰድ ነው፤ የእናንተ መሬት ደግሞ ከአንድ ረጅም ቀጥ ያለ ጎን ጋር የተዘረጋ ስለሆነ ወደ 160 በ60 ይቀርባል እንጂ ወደ 110 በ110 አይቀርብም። በዚያ ላይ የወንዙን እያንዳንዷን ጥምዝ ተከትሎ የሚሄድ ገመድ ዙሪያውን ያረዝማል፣ ስፋቱን ግን አይጨምርም። በዙሪያ ልኬት መሬት የሚካፈሉ ቤተሰቦች ብዙ በመሆናቸው ይህን አበክሬ እላለሁ፦ ዙሪያ ለአጥር እንጂ ለስፋት አይሆንም።

አሁን ወደ 60ው ካሬ። ግማሽ የመቁጠር ደንቡ የሚሠራው ወሰኑ ካሬዎቹን በዘፈቀደ ሲቆርጣቸው ብቻ ነው። የወንዙ ጥምዝ ይህን በራሱ ያደርጋል። ቀጥ ያለው ጎን ግን አደገኛ ነው፤ ብዙ ሰው መስመሩን ሲያሰምር ቀጥ ካለው ጎን ጋር አስተካክሎ ይጀምራልና። በእናንተ መሬት ቀጥ ያለው ጎን 160 ሜትር ያህል ከሆነ በወረቀቱ ላይ 13 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል። የካሬዎቹ መስመር ከዚህ ጎን ጋር ትይዩ ከሆነና ወሰኑ አሥራ ሦስቱንም ካሬዎች በተመሳሳይ ቦታ፣ ለምሳሌ አንድ አምስተኛቸው ብቻ ውስጥ ሆኖ ቢቆርጣቸው፣ እርስዎ እያንዳንዱን ግማሽ ብለው ሲቆጥሩ በእያንዳንዱ ላይ ሦስት አሥረኛ ካሬ ትርፍ ይጨምራሉ። አሥራ ሦስቱ ተደምረው ወደ 4 ካሬ፣ በመሬት ላይ ከ600 ካሬ ሜትር በላይ ይሆናል። እዚህ ላይ ትርፉን የሚያካክስ ጉድለት ስለሌለ የካሬዎቹ ብዛት አያድንም። መፍትሔው ቀላል ነው፦ ካሬዎቹን ቀጥ ካለው ጎን ጋር አታስተካክሉ፤ መስመሮቹ ጎኑን በሰያፍ እንዲያቋርጡት ወረቀቱን ዞር አድርጋችሁ አሰምሩ።

ለዚህም በምስሉ ላይ በቀጥታ ማስመር አይመከርም። ካሬዎቹን በሚያሳይ ላስቲክ ላይ በቀጭን ማርከር አሰምረው በምስሉ ላይ ያኑሩት፤ ላስቲክ ካጡ ሚሊሜትር ወረቀት በምስሉ ላይ አድርገው መስኮት ላይ በብርሃን ወሰኑን መገልበጥ ይቻላል። የላስቲኩ ጥቅም ማንቀሳቀስ መቻሉ ነው። አንዴ ቆጥረው ሲጨርሱ ላስቲኩን ከሩብ ዙር ባነሰ መጠን አዙረውና ጥቂት ገፋ አድርገው እንደገና ይቁጠሩ፤ እንዲህ እያደረጉ አራት ጊዜ ይድገሙት። ለምሳሌ በአራቱ ቆጠራ 60፣ 62.5፣ 58.5 እና 61 ካሬ ቢወጣ አማካዩ 60.5 ካሬ ነው፤ በ156.25 ሲባዛ 9,453 ካሬ ሜትር ይሆናል። ከአማካዩ ይልቅ ለእኔ የሚናገረው የቁጥሮቹ መራራቅ ነው። በትንሹና በትልቁ መካከል ያለው ልዩነት አራት ካሬ ያህል መሆኑ ለዚህ መጠን መሬት ተገቢ ነው። አንዱ ቆጠራ 52 ሌላው 66 ከሆነ ግን ወይ ካሬ ተዘሏል፣ ወይ ሁለቴ ተቆጥሯል፣ ወይም ቀጥ ያለው ጎን ከመስመር ጋር ትይዩ ሆኗል፤ አማካይ ከመውሰድ በፊት ምክንያቱ ይፈለግ። ካሬ እንዳይዘለል እያንዳንዱን ሙሉ ካሬ በነጥብ፣ የተቆረጠውን በጭረት ምልክት እያደረጉ ረድፍ በረድፍ መሄድና የየረድፉን ድምር በጎን መጻፍ ይበጃል።

አንድ ነጠላ ቆጠራ ምን ያህል ሊስት እንደሚችል አስቀድሞ መገመትም ይቻላል። የተቆረጡት ካሬዎች ቁጥር ስኩዌር ሩቱ ተወስዶ በ0.3 ሲባዛ የተለመደው ስህተት በካሬ ቁጥር ይገኛል። የ44 ስኩዌር ሩት 6.6 ነው፤ በ0.3 ሲባዛ 2 ካሬ፣ ማለትም 300 ካሬ ሜትር ገደማ ወይም 3 በመቶ ያህል ነው። አራት ጊዜ ቆጥሮ አማካይ መውሰድ ይህን ወደ ግማሽ ያወርደዋል። ከዚያ የተሻለው መንገድ ግን ካሬውን ማሳነስ ነው። በባለ 5 ሚሊሜትር ካሬ አንዱ ካሬ 39 ካሬ ሜትር ይሸፍናል፣ የተቆረጡት ካሬዎችም በግምት እጥፍ ይሆናሉ፤ ስህተቱ ግን ከአንድ ነጠላ የባለ 1 ሴንቲሜትር ቆጠራ ጋር ሲነጻጸር ወደ ሲሶው ይወርዳል። እርግጠኛ የሚሆኑባቸው የታችና የላይ ወሰኖችም ይቀራረባሉ። የእናንተን የሚመስል መሬት በዚህ ካሬ ሲቆጠር ሙሉዎቹ 198፣ የተቆረጡት 88 ቢሆኑ የታችኛው ወሰን 7,734፣ የላይኛው 11,172 ካሬ ሜትር ነው። ያኔ የወንድምዎ 12,100 ከላይኛው ወሰን በላይ ስለሚሆን በግምት ሳይሆን በማስረጃ ይወድቃል፤ 9,200 ግን ውስጥ ይቆያል። ካሬውን ወደ 1 ሚሊሜትር ማውረድ ግን ድካም ብቻ ነው፣ ምክንያቱም ከዚህ በኋላ ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከቆጠራው አይደለም።

ትልቁ ስህተት የሚመጣው ከስኬሉ ነው። ስፋት የሚገኘው ስኬሉ በራሱ ተባዝቶ ስለሆነ፣ በስኬሉ ላይ ያለ የ1 በመቶ ስህተት በስፋቱ ላይ 2 በመቶ ይሆናል። እርስዎ የለኩት የ50 ሜትር መስመር በወረቀቱ ላይ 40 ሚሊሜትር ነው። በተራ ማስመሪያ ግማሽ ሚሊሜትር መሳት ቀላል ነው፣ የመስመሩ ጫፍ ራሱ ውፍረት አለውና። ግማሽ ሚሊሜትር ከ40 ሚሊሜትር 1.25 በመቶ ነው፤ በስፋቱ ላይ 2.5 በመቶ፣ ወደ 240 ካሬ ሜትር ይሆናል። አራት ጊዜ በጥንቃቄ ቆጥረው ያጠበቡት ስህተት ከዚህ ያነሰ ነው፣ ማለትም ጥንቃቄዎ ሁሉ በአንዲት አጭር መስመር ሊበላሽ ይችላል። በ200 ሜትር መስመር ቢለኩ ግን በወረቀቱ ላይ 160 ሚሊሜትር ስለሚሆን ያው የግማሽ ሚሊሜትር ስህተት በስፋቱ ላይ 0.6 በመቶ ብቻ ነው። ስለዚህ የስኬል መስመሩ ቢያንስ የመሬቱን ርዝመት ያህል ይሁን።

ከዚያም ይበልጥ የሚታመነው በምስሉ ላይ የተጻፈውን ስኬል ትቶ ስኬሉን ከመሬቱ ራሱ ማውጣት ነው። በምስሉም በመሬቱም ላይ በግልጽ የሚታዩ፣ በተቻለ መጠን ደልዳላ ቦታ ላይ ያሉ ሁለት ነጥቦች ይመረጡ፤ የቆርቆሮ ቤት ጥግና የድልድይ ጫፍ ጥሩ ናቸው፣ ትልቅ ዛፍ ግን ቅርንጫፉ ስለሚሰፋ ጥሩ አይደለም። በመካከላቸው ያለውን ርቀት አንድ ሰው በ50 ሜትር የቀያሽ ሜትር፣ ሜትሩ ሳይረግብ፣ በቀጥታ መስመር ይለካው። ለምሳሌ ሁለቱ ነጥቦች በወረቀቱ ላይ 128 ሚሊሜትር ቢራራቁ፣ በእርስዎ ስኬል 160 ሜትር መሆን አለባቸው። በመሬት ላይ 164 ሜትር ቢገኝ ልዩነቱ 2.5 በመቶ ብቻ ነው፣ ብዙ ሰውም ቸል ይለዋል። ነገር ግን አንዱ ሴንቲሜትር ያኔ 12.81 ሜትር፣ አንዱ ካሬ 164.2 ካሬ ሜትር ይሆናል፤ ያው 60.5 ካሬ 9,453 መሆኑ ቀርቶ ወደ 9,930 ካሬ ሜትር ይወጣል። ወደ 480 ካሬ ሜትር የሚጠጋው ልዩነት የመጣው አንድም ካሬ ሳይቀየር ነው። ይህን ልኬት በሁለት አቅጣጫ፣ አንዱን በመሬቱ ርዝመት ሌላውን በወርዱ ማድረግ ደግሞ ሌላ ነገር ያጋልጣል፦ ሁለቱ ስኬሎች ካልተስማሙ ምስሉ በአንድ አቅጣጫ ተለጥጧል ማለት ነው።

መለጠጥ የሚመጣው በአብዛኛው ከአያያዝ ነው። ጉግል ኧርዝ ፕሮ ላይ እይታው ትንሽ እንኳ ካዘነበለ ከፊት ያለው መሬት ሰፍቶ፣ ከኋላ ያለው ጠብቦ ይታያል፤ ከማተምዎ በፊት R የሚለውን ቁልፍ ቢጫኑ እይታው ወደ ቀጥታ ከላይ ይመለሳል። የኮምፒውተር ስክሪን በስልክ ፎቶ አንስቶ ማተም ፈጽሞ አይሆንም። ሲታተም ምስሉ ከወረቀቱ ጋር እንዲገጥም ቢሰፋ ወይም ቢጠብ ችግር የለውም፣ የስኬል መስመሩ አብሮት እስከታተመ ድረስ እሱም እኩል ይሰፋልና። የፎቶ ኮፒ ቅጂ ግን አንዳንዴ በአንድ ጎን ብቻ ስለሚለጠጥ መጀመሪያ የታተመውን ይጠቀሙ። በእጅ የተሣለ ንድፍን በተመለከተ፣ በመሬት ላይ የተለካ ርዝመት ተይዞ በስኬል ካልተሣለ በስተቀር በላዩ ላይ ካሬ መቁጠር ትርጉም የለውም። እንዲህ ያለው ንድፍ ማን ከማን ጋር እንደሚዋሰን ለመናገር ይጠቅማል፤ የጎኖቹ ምጣኔ ግን ከሣዩ ግምት የመጣ ስለሆነ ስፋት አይወጣበትም።

የሚቀጥለው ጥያቄ ወሰኑ በምስሉ ላይ የት ነው የሚለው ነው፤ ይህ በቁጥር የማይታረም በመሆኑ በዚህ ላይ ሰፋ ያለ ጊዜ መስጠት ያስፈልጋል። የወንዝ ዳር በበጋ በተነሣ ምስል አንድ ቦታ፣ በክረምት በተነሣ ምስል ሌላ ቦታ ይታያል፤ ጎርፍ ዳሩን ከበላው ደግሞ የዛሬው ወሰን ምስሉ በተነሣበት ዓመት ከነበረው ይለያል። በ160 ሜትር የወንዝ ዳር ላይ ወሰኑ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ በ1 ሜትር ቢሳሳት ስፋቱ በ160 ካሬ ሜትር ይቀየራል፣ እሱም 1.7 በመቶ ነው። በዛፍ ወይም በቁጥቋጦ የተሸፈነ ድንበር ሲሆን ምስሉ የሚያሳየው የቅጠሉን ጠርዝ እንጂ ግንዱን ስላልሆነ፣ ስህተቱ ከዚያም ሊበልጥ ይችላል። ስለዚህ ምስሉ የተነሣበትን ቀን ይመልከቱ፤ ጉግል ኧርዝ ላይ ከታች ተጽፎ ይታያል። ወሰኑንም ከመሬቱ ርቀው ተቀምጠው ብቻዎን አይሣሉት፤ አዋሳኞቹ ባሉበት በመሬቱ ላይ ዞረው፣ ምስሉን ይዘው ምልክት ያድርጉበት። በዚህ አጋጣሚ አንድ ተደጋጋሚ ስጋት ላንሣ። የጉግል ምስል ከእውነተኛው ቦታ ጥቂት ሜትሮች ተንሸራቶ ሊቀመጥ ይችላል፣ በዚህ ምክንያት ስፋቱ አይታመንም የሚሉ አሉ። መሬቱ በሙሉ አብሮ ስለሚንሸራተት ስፋቱ አይለወጥም። ችግር የሚሆነው ግማሹን ወሰን ከምስሉ፣ ግማሹን በስልክ ጂፒኤስ ከተወሰዱ ነጥቦች ስታደባልቁ ነው፤ ያን አታድርጉ።

ተዳፋት ላይ ያለ መሬት ከሆነ ምስሉና ገመዱ የተለያየ ነገር እንደሚለኩም ይወቁ። ምስልም ሆነ ካርታ የሚያሳየው የአግድም ስፋትን ነው፤ በተዳፋቱ ላይ የተዘረጋ ገመድ ግን የሚረዝመውን የመሬቱን ገጽ ይለካል። በ10 በመቶ ተዳፋት ልዩነቱ ግማሽ በመቶ ስለሆነ ሊተው ይችላል። በ30 በመቶ ተዳፋት ግን የመሬቱ ገጽ ከአግድም ስፋቱ 4.4 በመቶ ይበልጣል። የይዞታ ማረጋገጫ ከአየር ፎቶ ወይም ከቅየሳ ተነሥቶ ሲዘጋጅ የሚጻፍበት የአግድም ስፋት ነው፤ ስለዚህ በቁልቁለት ላይ በገመድ የለካ ሰው «መሬቴ ተቀንሷል» ቢል ብዙ ጊዜ የተቀነሰ ነገር የለም።

እነዚህን ሁሉ አንድ ላይ ስናያቸው፣ ከቆጠራ 1.4፣ ከአጭሩ የስኬል መስመር 2.5፣ ከወንዙ ዳር 1.7 በመቶ ያህል አለ። የተለያዩ ስህተቶች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ስለማይገፉ በቀጥታ አይደመሩም፤ ተቀናጅተው ወደ 3.3 በመቶ፣ በእናንተ መሬት ወደ 300 ካሬ ሜትር ይሆናሉ። የእርስዎ ቆጠራ በትክክል ሲሰላ 9,453፣ የይዞታ ማረጋገጫው ደግሞ 9,200 ነው፤ ልዩነቱ 253 ካሬ ሜትር ነው። ልኬትዎ ሊስት ከሚችለው በላይ ያልሆነ ልዩነት ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ ምክሬ ግልጽ ነው፦ በዚህ ወረቀት ወረዳ አትሂዱ። ስኬሉን በመሬት ላይ ለክታችሁ፣ በባለ 5 ሚሊሜትር ካሬ አራት ጊዜ ቆጥራችሁ፣ ልዩነቱ ከ10 በመቶ በላይ ሆኖ ከጸና ያኔ የወረዳው የመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ቀያሽ ልኮ እንዲያጣራ መጠየቅ ተገቢ ነው፤ የሚወስነውም የቀያሹ ልኬት እንጂ የእርስዎ ቆጠራ አይደለም። በተለይ የያዛችሁት ካርታ የሌለው የመጀመሪያው ደረጃ ደብተር ከሆነ ስፋቱ በገመድና በግምት ተመዝግቦ ሊሆን ስለሚችል መጀመሪያ የሚጠየቀው ማሳው በካርታ ተለይቶ የሚሰጠው የሁለተኛ ደረጃ ማረጋገጫ ነው። ጉግል ኧርዝ ፕሮ ላይ Ruler ውስጥ ያለው Polygon ወሰኑን ሲከተሉበት ስፋቱን ወዲያው ይሰጣል፤ ቆጠራዎ ላይ የስሌት ስህተት መኖር አለመኖሩን ለማየት ይጠቀሙበት። ነገር ግን ሁለቱም በአንድ ምስልና በአንድ የወሰን መስመር ላይ ስለሚመሠረቱ፣ መስማማታቸው ወሰኑ ትክክል መሆኑን አያረጋግጥም። ውጤቱን ወደ ጥማድ መቀየሩንም ተዉት፤ ጥማድ ብዙ ጊዜ ሩብ ሄክታር ተብሎ ቢያዝም ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በጥንቃቄ የተገኘውን ቁጥር መልሶ ያደበዝዘዋል።

ዋናው ጉዳያችሁ ለሦስት መካፈል ከሆነ ግን ሥራው ከሁሉም ይቀልላል፣ ምክንያቱም ለክፍፍል ስኬሉ ጨርሶ አያስፈልግም። አንዱ ካሬ 156 ይሁን 164 ካሬ ሜትር ለሦስታችሁም እኩል ነው፤ የሚያስፈልገው የካሬዎቹ ቁጥር ብቻ ነው። ጠቅላላው 60.5 ካሬ ከሆነ ለእያንዳንዱ 20.2 ካሬ ያህል ይደርሳል። የመሬቱ ወርድ ወንዙ ሲጠጋ ስለሚጠብና ሲርቅ ስለሚሰፋ ቀጥ ያለውን ጎን በርዝመት ለሦስት እኩል መክፈል ፍትሐዊ አይሆንም። ይልቁንም ከአንዱ ጫፍ ተነሥታችሁ ቀጥ ካለው ጎን ወደ ወንዙ የሚሄድ መስመር በማስመሪያ ያዙ፤ በመስመሩና በጫፉ መካከል ያለውን ቁጠሩ። 18 ካሬ ከሆነ መስመሩን ወደ ፊት ግፉት፣ 22 ከሆነ መልሱት፣ 20.2 ላይ ሲደርስ አቁሙ፤ ከሌላውም ጫፍ እንዲሁ አድርጉ፣ መካከለኛውም የቀረው ይሆናል። መካከለኛውን ግን በመቀነስ ሳይሆን ራሱን ችሎ ቁጠሩት፤ ከ20.2 በአንድ ካሬ ከራቀ አንዱ ጫፍ ላይ የተሳተ ነገር አለ። ወደ መሬቱ የምትወስዱት ቀጥ ባለው ጎን ላይ ከጫፉ እስከ መስመሩ ያለውን ርቀት ነው፣ እዚህ ላይ ስኬሉ ይመለሳልና በሜትር የተረጋገጠውን ስኬል ተጠቀሙ። ካሬ ቆጠራ የአፈሩን ለምነትም ሆነ ውሃ መቅረቡን አይለካም፤ የወንዙን ዳር በመስኖ የሚያለማ ወንድም ከሌሎቹ ጋር በካሬ ቁጥር ብቻ እኩል ነው ማለት አይቻልም፣ ይህን ተነጋግራችሁ አስቀድማችሁ ወስኑ። ክፍፍሉ እንዲመዘገብ ከመጠየቃችሁ በፊትም ከተወሰነ ስፋት በታች ማሳ መክፈል የሚከለክል ደንብ በክልሉ እንዳለ ከወረዳው አረጋግጡ።

ምስሉን ከማስቀመጣችሁ በፊት በዚያው ወረቀት ጀርባ ላይ ምስሉ የተነሣበትን ቀን፣ በመሬት ላይ የተለካውን ርቀት ከየት እስከ የት እንደሆነና በወረቀቱ ላይ ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ፣ የካሬውን መጠን፣ አራቱን ቆጠራዎች አንድ በአንድ፣ ወሰኑ ሲጠቆም የነበሩትን አዋሳኞች ስም ጻፉና ሦስታችሁም ፈርሙበት፤ ነገ አንዳችሁ ቁጥሩን ቢጠራጠር እንደ አዲስ መከራከር ሳያስፈልጋችሁ ከዚያው ወረቀት ላይ መልሳችሁ ትቆጥሩታላችሁ።